ከቀኝ የሚገለጠው ሥዕል

መካኒሳ አቦ ቅመም ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከከድጃ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ይጮኻል። «ኮረሪማ! ሩብ ኪሎ!» ይላል፣ ማዶ ላፍቶ ያለ ሰው እንደሚጠራ። እሷም የከንፈሩን ቅርጽ አይታ ትሰፍርለታለች።

ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ድምፅ ከጆሮዋ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ እንግዳ ተራ በተራ እየተሰናበተ ነው የወጣው። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ። ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ በመጨረሻም ወንዶቹ። የቀረላት የሲኖትራክ ሞተርና ነጎድጓድ ነው። ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው የሰውን ፊት ነው። የሚጮህ ሰው ፊት የተቆጣ ሰው ፊት ነው፤ ግንባሩ ይኮማተራል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል። «እንዴት አደርሽ» የሚላት ሰው እንኳ የሚሰድባት ይመስላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተቆጣ ፊት ሳታይ የኖረች ሴት እሷም ብትቆጣ ማን ይፈርድባታል?

ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ ብሳ ተቆጥታለች። ሐሙስ ነው። አስር ሰዓት ላይ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም አብዶ ተከራይ ይዞ ይመጣና የሱቁን ቁልፍ ይረከባል። ሃያ ሦስት ዓመት የቆመችበትን ሱቅ!

ነገሩ የመጣው በባጃጅ ነው። ከአንድ ወር በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ አንድ ባጃጅ ከኋላዋ ጡሩንባውን ሲያስጮህ ሳትሰማ ቀርታ ነጠላዋን ይዞባት ሄደ። እሷ አልወደቀችም። ወሬው ግን ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ሪያድ ድረስ ደረሰ። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት በሹፌርነት የኖረው ልጇ ኑረዲን በዚያው ሳምንት ተበድሮም ተለቅቶም አንድ ጥንድ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ ላከላት። እንደ ባቄላ ፍሬ ትንንሽ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጡ፣ በቀጭን ክር ወደ ውስጥ የሚገቡ። እዚህ አዲስ አበባ ከአንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ የተለካውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ልካለት፣ የሪያዱ ባለሙያ በእሱ ልክ አስተካክሎ ነበር። ግን ሲደረጉ ያፏጫሉ። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ጥርሷን ያማታል፤ ሰው ሲናገር ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። አውልቃ ከበርበሬው ሚዛን አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ኑረዲን ድምፅ ቢልክላት እንደማትሰማ ስለሚያውቅ ይጽፍላታል። በመሠረተ ትምህርት የለየችው ፊደል ለዚህ ጠቅሟታል፤ ቀስ ብላ ታነባለች። እሷ ደግሞ መጻፍ ስለሚያንገላታት በድምፅ ትመልሳለች። መስማት የተሳነው ሰው የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅምና እናትና ልጅ የሚነጋገሩትን ግማሹን መካኒሳ በሙሉ ይሰማዋል።

«እማዬ» ብሎ ጽፎ ነበር እሑድ ዕለት። «ባለሙያው አዲስ ማስተካከያ በኢንተርኔት ይልካል። አንቺ ስልክሽ ላይ ትቀበያለሽ፣ በቃ። እስከ ሐሙስ ካልሆነ ግን ሱቁን ለአጎቴ አስረክቢና ቤት አርፈሽ ተቀመጪ። ተነጋግረናል።»

ተነጋግረናል! ማን ከማን ጋር ነው የተነጋገረው? እሷ ባልነበረችበት፣ ስለ እሷ ጆሮ፣ ስለ እሷ እግር፣ ስለ እሷ ቁልፍ!

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የተጠበቀው መልእክት መጣ። ከጎኗ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው ጎረቤቷ ጤናዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከድጃ ጮክ ብላ አነበበችው።

«አንደኛ፦ ማዳመጫዎቹን ሁለቱንም አድርጊ። ቀይ ነጥብ ያለበት በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ። ሁለተኛ፦ ዳታ ክፈቺ፣ ስልኩን ከአጠገብሽ አታርቂ። ሦስተኛ፦ የጆሮ ሥዕል ያለበትን አፕ ክፈቺ። አራተኛ፦ አንድ ሳጥን ይመጣል። ከሥሩ ሁለት ቃል አለ። በግራ በኩል ያለውን ንኪ። ምስሉ ላይ ክብ አድርጌበታለሁ። ሌላ ምንም ነገር እንዳትነኪ!!!»

ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት። ከድጃ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ከጽሑፉ ሥር ምስሉ አለ። ባለሙያው ከራሱ ስልክ አንስቶ ለኑረዲን የሰጠው ነው፤ ጽሑፉ ዓረብኛ ነው። ኑረዲን በግራ ባለው ቃል ዙሪያ በቀይ ወፍራም መስመር ከብቦበታል።

ቀዩን በቀኝ፣ ሰማያዊውን በግራ አደረገች። ፉጨቱ ጀመረ። አፑን ከፈተች። ሳጥኑ እውነትም ብቅ አለ። የእሷ ስልክ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድም ፊደል አታውቅም። ከሥሩ ግን ሁለት ቃል አለ፣ ልክ እንደተባለው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። በግራ ያለውን ነካች።

ሳጥኑ ጠፋ። ፉጨቱ እንደቀጠለ ነው።

«ነካሁ!» አለች ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ። ጫማ የሚጠርገው ሰውዬ ከማዶ ቀና አለ።

መልሱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጣ። «እማዬ አልተጫነም። ባለሙያው በእሱ በኩል ያያል፣ አልተቀበለችም ይላል። እንደገና ክፈቺው። ግራውን።»

እንደገና ከፈተች፤ ሳጥኑ እንደገና መጣ። የግራውን ነካች። ጠፋ።

«እማዬ ሥዕሉን ነው እየነካሽ ያለሽው። እኔ የላክሁልሽን ሥዕል አይደለም የምትነኪው፣ አፑን ነው!»

ከድጃ ደሟ ፈላ። ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር፣ ማዳመጫዎቹ በመጡ ሰሞን፣ እሱ የላከላትን ሥዕል ራሱን በጣቷ ስትጫን፣ ስትጫን፣ ሥዕሉ እየሰፋ እየጠበበ ግማሽ ቀን አባክናለች። ያን ዕለት ሲገባው በሳቅ እንባ የሚያፈሱ ስድስት ቢጫ ፊቶች ልኮላት ነበር። አልረሳችውም። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፤ ተማረች፤ አለቀ። ልጅ ሆኖ እሱ ጫማውን ስንት ዓመት ነው አዟዙሮ ያደረገው? አንድ ቀን ስቃበታለች?

«ኑረዲን!» አለች ስልኩ ውስጥ። «ሥዕሉን አልነካሁም! አፑን ነው የነካሁት! ግራ አልከኝ፣ ግራውን ነካሁ! ግራዬን የማላውቅ መሰለህ? አንተን በየትኛው ጎኔ አቅፌ ያሳደግሁህ ይመስልሃል?»

ጤናዬ ጆሮዋ ሥር ገብታ ጮኸች። «እትዬ ከድጃ፣ ቀስ! ጀሞ ድረስ ተሰማሽ!»

«ይሰማ! እኔ ካልሰማሁ ሌላው ይስማ!»

«ቆይ፣ ሀናን ልጥራልሽ? ያቺ ካርድ የምትሸጠው። እንግሊዝኛ ታነባለች።»

«ማንንም አትጥሪ። ሀና ብትነካው ሀና ሰማች ማለት ነው። እኔ ነኝ ወይስ ሀና ነች ሱቁን የምትለቀው?»

ከድጃ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍታ የግራውን ነካች፤ ሳጥኑ እንደገና ጠፋ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «እማዬ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ መኪናውን አቁሜ ነው የምጽፈው። ለመጨረሻ ጊዜ። ግራ ማለት ሰዓት የምታስሪበት እጅ ነው። አትመራመሪ። የምልሽን ብቻ አድርጊ።»

አትመራመሪ።

ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን በርበሬው ጆንያ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። እስካሁን የተቆጣችው ባለመስማቷ ነበር። አሁን የተቆጣችው ግን በሌላ ነገር ነው። ልጇ ከእሷ የሚፈልገው አንዲት ጣት ብቻ ነው። ጭንቅላት የሌላት፣ ዓይን የሌላት፣ ከሪያድ በክር የሚጎትታት ጣት! ጣቷ የታዘዘችውን ሦስት ጊዜ አደረገች፤ ሦስት ጊዜም ጥፋተኛ ተባለች። እንግዲህ ጣቷ ካላጠፋች ያጠፋው ትእዛዙ ነው። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ የልጇን ምስል ከፈተች። አልነካችውም። አየችው።

አፏ በራሱ ተንቀሳቀሰ። «ተስ… ቢት» አለች።

«ምን?» አለች ጤናዬ።

«እዚህ ክቡ ውስጥ ያለው። ‹ተስቢት› ይላል። በስተቀኝ ያለው ‹ላሂቀን› ይላል።»

«ዓረብኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም። አነበዋለሁ እንጂ አልሰማውም።»

ስልጤ ገጠር፣ ከአያቷ ደጅ፣ ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጣ ቁርኣን ቀርታለች። በሰባት ዓመቷ ፊደሉን ጨርሳ ነበር። አያቷ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲጽፉላት ጣቷን ይይዙና ከቀኝ ወደ ግራ ይጎትቱላት ነበር። በስንት ዘመኗ፣ ልጅ ወልዳ፣ ቀበሌ አማርኛ ስትማር ደግሞ አስተማሪዋ ያንኑ ጣት ይይዝና ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። «እሜቴ፣ ደብተሩን ከኋላ ነው የከፈትሽው» ብሎ ስንት ቀን ነው የሳቀባት። ደብተሩን ከኋላ…

ከድጃ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ጤናዬ፣ ያንቺን ስልክ አምጪ። ይኼን ሥዕል ልላክልሽና አጠገብ ለአጠገብ ያዢልኝ።»

ሁለቱን ስልኮች ሚዛኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ በአንዱ የልጇ ሥዕል፣ በሌላው የእሷ አፕ። እሷ ከላይ ጀመረች፣ እንደ ፍተሻ ፖሊስ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ይኼ የሚያልቀው?»

«ባትሪ ነዋ!»

«የእኔ ባትሪ በየት ጥግ ነው?»

«በቀኝ።»

«የእሱስ?»

ጤናዬ አንገቷን ዘመም አደረገች። «ውይ! በግራ።»

«ሰዓቱስ?»

«የእሱ በቀኝ… ያንቺ በግራ። ኧረ በእመቤቴ!»

«መመለሻ ቀስቷን እያት። የእኔ በግራ ሆና ወደ ግራ ታያለች። የእሱ በቀኝ ሆና ወደ ቀኝ ታያለች።» ከድጃ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ጥቁር አዝሙዱ ተረጨ። «ይኼ ሥዕል ከቀኝ ነው የሚገለጠው! የእኔ ከግራ ነው የሚገለጠው! አንዱን መጽሐፍ ከወዲህ ከፍቶ ሌላውን ከወዲያ የያዘችውን ሴትዮ ‹ግራውን አንብቢ› ይላታል! የእሱ ግራ የእኔ ቀኝ ነው!»

መገረሟ ከቁጣዋ በላይ ነበር፣ ለአንድ አፍታ። ይህች መዳፍ የማትሞላ መስታወት፣ ማንም ሳይነግራት፣ የዓረብኛን ሰው በዓረብኛው በር፣ የፈረንጁን ሰው በፈረንጁ በር እንደምታስገባ ማን ያውቃል? ሹፌር ልጇ በየቀኑ ይይዛታል፣ አላየም። ባለሙያው ይኖርባታል፣ አላየም። አንድ ቤት ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው ሌላው ቤት በሩ በወዲያ በኩል መሆኑን ከየት ያውቃል? ሁለት ደብተር ከሁለት በኩል የከፈተች ሴት ግን ታውቃለች።

ከዚያ ቁጣዋ ተመለሰ፤ አሁን ግን ቀጥ ብሎ የሚቆምበት እግር ነበረው።

«ኑረዲን» አለች ስልኩ ውስጥ፣ እየጮኸች። «አሁን አንተ ስማ። አንደኛ፦ የላክኸውን ሥዕል ክፈት። ሁለተኛ፦ ባትሪው በየት እንደሆነ እይ። ሦስተኛ፦ የእኔ ስልክ በእንግሊዝኛ መሆኑን አስታውስ፣ የገዛህልኝ አንተ ነህ። አራተኛ፦ የእንግሊዝኛ ስልክ ባትሪው በየት እንደሆነ ባለሙያህን ጠይቅ። አንተ ክብ ያደረግህበት ‹ተስቢት› የእኔ ላይ በቀኝ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ እንቢ ያስባልከኝ አንተ ነህ። ሌላ ምንም እንዳትነካ!»

እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች መጡ፣ ጠፉ፣ መጡ።

«እማዬ ‹ተስቢት› ብለሽ አነበብሽው?»

ከዚያ፦ «‹ጫን› ማለት ነው። ሌላኛው ‹በኋላ› ማለት ነው። ሦስቴ በኋላ እያስባልኩሽ ነበር።»

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፦ «ቀኙን ንኪ።»

«ፈቃድህን አልጠየቅሁም» አለች ከድጃ፣ ለስልኩ ሳይሆን ለሚዛኑ። ነክታው ነበርና።

ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር ጠፋ፤ ሲኖትራኩ እንኳ። ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች። ጤናዬ አፏን ከፍታ ታያታለች። ግማሽ ደቂቃ ይሁን አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በሁለቱም ጆሮዋ ውስጥ አንዲት አጭር ዜማ፣ ቲን ቲን ቲን፣ ከታች ወደ ላይ ወጣች።

«ማነው?» አለች አንዲት ሴት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በጣም ቅርብ፣ በጣም እየጮኸች።

ከድጃ ዞር አለች። ማንም የለም። የራሷ ድምፅ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰማሽ እንዴ?» አለች ጤናዬ በጩኸት።

«ቀስ!» አለች ከድጃ፣ ድምፅዋን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገች፣ እስኪበቃት። «ጤናዬ፣ አትጩሂብኝ።»

ጤናዬ ቀስ አለች። «እንዲህ?»

ፊቷ ተፈታ። የግንባሯ መስመር ጠፋ። ከድጃ የጎረቤቷን እውነተኛ ፊት ከስድስት ዓመት በኋላ አየችው፤ ጉንጯ ላይ ስርጉድ እንዳላት ረስታው ነበር። ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ ግን ጊዜ የላትም። የኮረሪማው ከረጢት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። የማዶው ሰውዬ የጫማ ብሩሽ ፍትግ ፍትግ ይላል። ከሩቅ ደግሞ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

ጤናዬ ስድስት ዓመት እንዳደረገችው ክንዷን ነካ አደረገቻት። «አስር ተባለ፣ እትዬ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ከድጃ። ግን ክንዷን አላሸሸችም።

ከሱቁ ጥግ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሰግዳ ስትጨርስ የሁለት ሰው እግር በደጃፉ ቆመ። በመጋረጃው ክፍተት የአብዶ ኮፍያ ይታያል፤ አጠገቡ የማታውቀው ቀጭን ሰው፣ ሜትር በእጁ ይዟል። አልወጣችም። ለምን ትውጣ? ጆሮ አላት።

«መደርደሪያው ይነቀላል» አለ አብዶ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሰው በሌለ ጊዜ በሚወራበት ድምፅ። «ሽታው ከሦስት ቀን በኋላ ይለቃል።»

«ሴትዮዋ አትቀየምም?» አለ ሰውዬው።

«እሷ? ወጋየሁ፣ እሷ እኮ ግድግዳ ናት። ፊቷ ላይ ትስቅላታለህ፣ ቁልፉን ትወስዳለህ። ምን እንዳልክ አታውቅም። ከልጇም ጋር ተስማምቻለሁ፣ ማዳመጫው እንዳልሠራ ነግሬዋለሁ።»

«መቼ ነገርከው?» አለች ከድጃ ከመጋረጃው ኋላ።

ሰው እንዲህ ሲደርቅ አይታ አታውቅም። አብዶ ወደ መጋረጃው ዞረ። ወጋየሁ ሜትሩን ለቀቀው፤ ሜትሩ ሸርርር ብሎ ወደ ማቀፊያው ተጠቅልሎ ገባ፣ እሱም ተሰማት።

ወጣች። አብዶ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አንገቱን ገትሮ ጮኸ። «እትዬ! እንዴት ዋልሽ! ደህና ነሽ!»

ድምፁ ሁለቱን ጆሮዎቿን እንደ ጥፊ መታት። «አትጩህብኝ አብዶ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ላይ የሚጮህ ሰው ተቆጥቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የምመልስለት። መደርደሪያው አይነቀልም። ሽታውም አይለቅም። ግድግዳ ካልከኝ ደግሞ የዚህ ቤት ግድግዳ እኔ ነኝ፤ ግድግዳ ለማን ይከራያል?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ አስቤ…»

«ልጄ ‹ካልሠራ› ነው ያለው። ሠርቷል። አሁን የተናገርከውን ቃል በቃል ልድገምልህ?»

ወጋየሁ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ባዶ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለና ከሥሩ የነበረውን ድንች ረግጦ ሄደ። አብዶ ቆየት ብሎ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ፣ እሱም ሄደ።

ጤናዬ ከድንቹ ክምር ኋላ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። «ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል ሲሉ ውሸት መስሎኝ!»

«ገና ምን አይተሽ» አለች ከድጃ። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጨበጠችው፤ ጨብጣ ስታንቃጭለው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሃያ ሦስት ዓመት ይዛው ልብ አላለችም ነበር።

ስልኩ ጠራ። ጽሑፍ አይደለም፣ ኑረዲን እየደወለ ነው። ስታነሣው ድምፁ ከስልኩ አልመጣም፤ ቀጥታ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፣ ራሷ ውስጥ የተወለደ ይመስል።

«እማዬ!!! እማዬ ትሰሚያለሽ!!! እማዬ!!!»

ከስድስት ዓመት በኋላ የሰማችው የልጇ ድምፅ ይኸው ነው፤ ጩኸት። ወፍሯል። እንደ አባቱ ሆኗል። ዓይኗ ሞላ፤ ቁጣዋ ግን ከቦታው አልተነሣም።

«ቀስ ብለህ ተናገር» አለች። «አትመራመሪ ያልከኝን በኋላ እንነጋገራለን። አብዶ ማዳመጫው አልሠራም ያለህንም። አሁን ዝጋ።»

«እማዬ፣ ለምን?»

አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ አፏን ልትከፍት ነው።

«ደንበኛ አለኝ» አለች ከድጃ።